ሀሁን የቆጠረ ልጅ ማንበብ ለምን ያቅተዋል?

በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ከተሞች፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ የሐበሻ ቤት ግድግዳ ላይ የፊደል ገበታ ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጅቷ «እስኪ ሀሁ በይ» ትባላለች። እሷም ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንድም ሳትዘል እንደ መዝሙር ትወርደዋለች፤ ይጨበጨብላታል። ከገበታው መሀል «ሚ»ን ነጥሎ «ይቺ ማን ናት?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ልጅቷ ዓይኗን ወደ ረድፉ መጀመሪያ ትመልስና «መ፣ ሙ፣ ሚ» ብላ ቆጥራ ትደርስበታለች። «ስሚ» የሚለውን ቃል ብቻውን ጽፈው ቢሰጧት ሁለት ረድፍ መቁጠር ይኖርባታል። ሁለተኛው ፊደል ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ከአእምሮዋ ወጥቷል።

ውጭ አገር የሚያድጉ ልጆችን በቪዲዮ የሚያስጠኑ መምህራን በመጀመሪያው ቀን በብዛት የሚገጥማቸው እንዲህ ያለ ተማሪ ነው። ወላጅ «ፊደሉን ጨርሳለች፤ ማንበቡ ብቻ ነው የቀራት» ይላል። መምህሩ ሲፈትሽ ግን ልጅቷ የያዘችው ዜማውን እንጂ ፊደሉን እንዳልሆነ ያገኛል። ከዚያ በኋላ የሚመረጠው መንገድ ወላጁ የሚከፍለው ገንዘብ ፍሬ እንዲያፈራ ወይም እንዳያፈራ ያደርጋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንከተላት የስምንት ዓመት ልጅ የአንድ ቤት ልጅ ብቻ አይደለችም፤ ብዙ ቤት ያለችውን ዓይነት ልጅ ትወክላለች። እናትና አባቷ አማርኛ ያወራሉ። የሚሏትን ሁሉ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የአምስት ዓመት ታናሽ ወንድም አላት። አያቷ አዲስ አበባ ናቸው፤ በስልክ ሲያገኟት ከሰላምታ የሚያልፍ ወሬ አይኖራቸውም።

የኔታ የሚያውቁት ዘዴ

ልጅ በዜማ ሊያታልል እንደሚችል የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ከጥንት ያውቁታል። ለዚህም ነው ፊደል ቆጠራ እንዳለቀ ልጁን በቀጥታ ወደ ንባብ የማያሻግሩት። በመሀል «አቡጊዳ» አለ። ፊደሎቹ በአበገደ ተራ ይደረደሩና የመጀመሪያው በግዕዝ፣ ሁለተኛው በካዕብ፣ ሦስተኛው በሣልስ እያለ ይሄዳል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ቀጣዩ መስመር ደግሞ በ፣ ጉ፣ ዲ፣ ሃ፣ ዌ፣ ዝ፣ ሖ ይላል። ልጁ «አ፣ ኡ፣ ኢ» የሚለው ዜማ አይረዳውም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ለይቶ መጥራት አለበት። ወደ ንባብ የሚሻገረው ይህን ሲያልፍ ነው።

ጎበዝ አስጠኚ ይህንኑ በአጭሩ ይጠቀምበታል። በስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌለው ቃል፣ ለምሳሌ «ቢሙሳ»ን ይጽፍና ልጅቷ እንድታነበው ያደርጋል። የምታውቀው ቃል ቢሆን ከሥዕሉ ወይም ከመጀመሪያው ፊደል ልትገምተው ትችላለች። «ቢሙሳ»ን ግን ማንም በግምት አይደርስበትም። ወላጅም ቤት ውስጥ በየሳምንቱ እንዲህ ያሉ ሦስት አራት ቃላት በወረቀት ጽፎ ቢያስነብብ ትምህርቱ እየሠራ መሆኑን ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

231 ፊደል በአንዴ አይያዝም

ከ«ሀ» እስከ «ፐ» 33 ረድፍ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ሰባት ቅርጽ አለው፤ ሲባዛ 231 ይመጣል። ይህንን ቁጥር ያየ ልጅም ወላጅም ይደነግጣል። ለመጀመር የሚያስፈልገው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ በዛሬው አማርኛ ከሌሎች ፊደሎች ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ስላላቸው አምስቱ ረድፎች ለኋላ ሊቆዩ ይችላሉ። ልጅቷ ማንበብ ከለመደች በኋላ «ይህችም ሌላዋ ሰ ናት» ብሎ ማስተዋወቅ ጥቂት ቀን ቢወስድ ነው። የትኛው ቃል በየትኛው ፊደል ይጻፋል የሚለው ደግሞ የጽሕፈት ጉዳይ ስለሆነ ገና ማንበብ በምትጀምር ልጅ ላይ አይጫንም።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አራት ረድፍ ብቻ እንውሰድ፦ ለ፣ መ፣ ሰ፣ በ። ከእነዚህም ሦስት ሦስት ቅርጽ ብቻ፣ ማለትም ግዕዙን፣ ራብዑንና ሳድሱን። በድምሩ 12 ፊደል ይሆናሉ፦ ለ ላ ል፣ መ ማ ም፣ ሰ ሳ ስ፣ በ ባ ብ። በእነዚህ ብቻ ምን ይጻፋል? ሰላም፣ ስም፣ ላም፣ ልብ፣ ልብስ፣ በላ፣ ብላ፣ ሰማ፣ ስማ። ሁሉም ልጅቷ ቤቷ ውስጥ የምትሰማቸው ቃላት ናቸው። «ነ» ሲጨመር «ማን» ይመጣል፤ በዚያው ቀን «ማን በላ? ሳም በላ።» የሚል ባለ ሁለት ዐረፍተ ነገር ታሪክ ማንበብ ይቻላል። 231 ፊደል እስክትጨርስ አንድ ቃል ሳታነብ ከምትቆይ ልጅ ይልቅ፣ በሁለተኛው ሳምንት ዐረፍተ ነገር ያነበበችው ለቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ፈቃደኛ ሆና ትመጣለች።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጡት ቅርጾች ጠባያቸውን የሚያሳዩ ናቸው። ካዕብ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኝ ጎኑ መሀል ላይ ጭረት ያወጣል፦ ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ። ሣልስ ያንኑ ጭረት ወደ እግሩ ያወርደዋል፦ ሊ፣ ሚ፣ ሲ፣ ቢ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፦ ሌ፣ ሜ፣ ሴ፣ ቤ። ይህን ሕግ ያወቀች ልጅ «ቱ»ን ከዚህ በፊት አይታው ባታውቅም ከ«ተ» ተነሥታ ትደርስበታለች። እንደ «ሩ»፣ «ሪ» እና «ፊ» ያሉት ከሕጉ የሚወጡ ስለሆኑ ለብቻቸው ይያዛሉ።

ችግሩ ያለው ሳድስና ሳብዕ ላይ ነው። ል፣ ም፣ ስ፣ ብ፣ ት፣ ን የሚመሳሰሉበት አንድ ምልክት የለም፤ እያንዳንዱ በራሱ መልክ ይያዛል። ሎ አናቱ ላይ ቀለበት ሲያደርግ፣ ቦ እና ሶ ግን የግራ እግራቸው ይረዝማል። ሳድስ በዚያ ላይ አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። «ልብስ» በሚለው ቃል ሦስቱም ፊደሎች ሳድስ ናቸው፤ የመጀመሪያው ላይ ብቻ አናባቢ እንሰማለን። ይህንን በሕግ ማስረዳት ልጅን ያደክማል። የሚሻለው ሳድስ የበዛባቸውን የታወቁ ቃላት፣ ስም፣ ልብ፣ ልብስ፣ ትምህርት፣ አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ማስነበብና ጆሮዋ እንዲለምደው መተው ነው። ማንበቧ ሲጎተት አብዛኛውን ጊዜ የምትቆምበት ቦታ ሳድስ ላይ ነው፤ አስጠኚው ይህን ካስተዋለ ቀጣዩን ሳምንት ለሳድስ ብቻ ይመድባል።

ስማ፣ ስሚ፣ ስሙ

በውጭ አገር ባደገ ልጅ አማርኛ ውስጥ ጎልቶ የሚሰማ አንድ ስሕተት አለ። ልጅቷ አባቷን «አባ፣ ነይ!» ትለዋለች። እንግዳ ይስቃል፤ ልጅቷም ታፍራለች፤ ከዚያ በኋላ አማርኛ ለማውራት ትቆጠባለች። ስሕተቱ ግን ከስንፍና የመጣ አይደለም። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው እሷን የሚጠራው «ነይ»፣ «ብዪ»፣ «ተነሺ» እያለ ነው። ከተወለደች ጀምሮ የሰማችው ቅርጽ ይህ ነው፤ ስለዚህ ለሁሉም የምትጠቀመው እሱን ነው። ከእናቱ ጋር ብቻ የዋለ ወንድ ልጅ ደግሞ እናቱን «እማዬ፣ ና» ይላታል። አዲስ አበባ ያለ ልጅ በሰፈርም በትምህርት ቤትም ለወንዱም ለሴቷም፣ ለትልቁም ለትንሹም የሚባለውን ሲሰማ ስለሚውል ሳያስበው ይለየዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጅ ይህ ዕድል የላትም።

ፊደልና ንግግር እዚህ ላይ ይገናኛሉ። መምህሩ «ስማ» የሚለውን ቃል ይጽፋል፤ ልጅቷ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ታውቀዋለች። ከሥሩ «ስሚ» ይጽፋል። የተለወጠው የመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው፤ ራብዑ ሣልስ ሆነ። «ስማ ለወንድምሽ፣ ስሚ ለአንቺ» ይላታል። ከዚያ «ስሙ» ይመጣል፤ ካዕብ ነው፣ ለሁለታችሁም። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልዩነቱን በዓይኗ ታየዋለች። በ«ግባ፣ ግቢ፣ ግቡ» ሲደገም ሕጉ ይያዛል። «ና፣ ነይ፣ ኑ» ከሕጉ ትንሽ ወጣ ቢልም፣ የመጀመሪያዎቹን ያወቀች ልጅ አይከብዳትም።

ቀጥሎ ጨዋታ ነው። ታናሽ ወንድሟ ካሜራው ፊት ይቀመጣል፤ እሷ ታዝዘዋለች፦ «ተነሣ፣ ዝለል፣ ቁጭ በል፣ ብላ።» ቀጥሎ እናቷ ትቀመጣለች፤ ትእዛዞቹ ሁሉ መለወጥ አለባቸው፦ «ተነሺ፣ ዝለዪ፣ ቁጭ በዪ፣ ብዪ።» እናት በተሳሳተ ትእዛዝ አትንቀሳቀስም። ማንም ማረም አያስፈልገውም፤ እናቷ ካልተነሣች ልጅቷ ራሷ ቃሉን ታስተካክለዋለች። ሦስተኛው ዙር ለአያት ነው፦ «ይነሡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ።» ከአያቷ ጋር በስልክ ስትነጋገር «እማማ፣ እንዴት አደሩ? ምን በሉ?» ማለት የሚመጣው ከዚህ ልምምድ ነው።

ያው ፊደል የባለቤትነትንም መንገድ ይከፍታል። ስም፣ ስሜ፣ ስሙ፣ ስሟ። ልብስ፣ ልብሴ፣ ልብሱ፣ ልብሷ። ኃምሱ የእኔን፣ ካዕቡ የእሱን፣ ባለ ጭረቷ «ሟ» እና «ሷ» የእሷን ይነግራሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ በዚህ ቢያልቅ ፊደልም ሰዋስውም ንግግርም አብረው ሄዱ ማለት ነው።

ጆሮና ጉሮሮ

እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገርበት ትምህርት ቤት የዋለች ልጅ ተን ከጠ፣ ከን ከቀ፣ ቸን ከጨ ለመለየት ትቸገራለች። ልዩነቱ ትርጉም ያበላሻል፤ «አባባ መጣ» ሊባል «አባባ መታ» ከሆነ ወሬው ሌላ ነው። ወላጅ ብዙ ጊዜ «ጠ በዪ፣ ጠንከር አድርጊ» ይላል። ልጅቷ ግን «ጠንከር» ሲባል ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች እንጂ ጠ አትወጣላትም።

የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው። መምህሩ ትንፋሿን እንድትይዝ ያደርጋታል፤ አየር ሳታስወጣ ምላሷን ከላይኛው ጥርሷ ሥር ጥብቅ አድርጋ ድንገት እንድትለቅ ይነግራታል። በተያዘ ትንፋሽ የሚወጣው «ጥ» ነው። በዚያው መንገድ በጉሮሮ በኩል «ቅ» ይመጣል። ድምፁ ብቻውን ሲወጣላት ቃል ውስጥ ይገባል፦ ጥል እና ትል፣ ጠራ እና ተራ፣ መጣ እና መታ። መጀመሪያ መምህሩ ይላል፣ ልጅቷ የሰማችውን ሥዕል ትጠቁማለች፤ ቀጥሎ ልጅቷ ትላለች፣ መምህሩ ይጠቁማል። መምህሩ ያልታሰበውን ሥዕል ከጠቆመ ልጅቷ ያልጠራ ድምፅ እንዳወጣች ወዲያው ታውቃለች።

አማርኛን በላቲን ፊደል ጽፎ ማስተማር የማይመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ወላጆች ለልጁ እንዲቀለው ብለው ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፉለታል። እንዲህ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ተ እና ጠ በአንድ ፊደል ይወከላሉ፤ ልጁም እንደ እንግሊዝኛ ያነበዋል። ገና ያልጸናው የጆሮ ልዩነት ይጠፋል፣ በዚያ ላይ ግዕዙን ፊደል ለመያዝ ያለው ፍላጎት ይቀንሳል።

ፊደሉ ራሱ የማይነግረን አንድ ነገርም አለ። መጥበቅና መላላት አይጻፍም። «ገና» ሲላላ «ገና አልደረሰም» የምንለው ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ «ዋናው ነገር» ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ ይሰፋል፤ ሲጠብቅ ቦታው ሰፊ ነው። እነዚህን በትክክል የሚያነበው ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ንግግር የሌለው የንባብ ትምህርት በተወሰነ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ልጅቷ ፊደሉን ሁሉ ብትለይም የምታነበው ቃል እንግዳ ይሆንባታል።

በእንግሊዝኛ የምትመልሰውን ማናገር

«በአማርኛ ካልመለስሽ አልሰጥሽም» የሚለው መንገድ አንዳንድ ቤት ሠርቷል፤ ብዙ ቤት ግን ልጅን ዝም አሰኝቷል። ልምድ ያላቸው አስጠኚዎች የሚመርጡት ጥያቄውን መለወጥ ነው። «ወተት ትፈልጊያለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ራሷን መነቅነቅ ይበቃታል። «ወተት ነው ወይስ ውኃ?» ስትባል ግን ከሁለቱ አንዱን ቃል መናገር አለባት፤ ቃሉም ከጥያቄው ውስጥ ተቀምጦላታል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ብዙ ወላጅ ልጁ መልስ እያሰበ ሳለ ራሱ በእንግሊዝኛ ይደግምለታል፤ ልጁም ዝም ካለ እንግሊዝኛው እንደሚመጣ ይለምዳል።

ስትሳሳት ደግሞ «እንዲህ አይባልም» ከማለት ይልቅ ቃሉን አስተካክሎ መመለስ ይሻላል። «ውኃ ፈልጋለሁ» ስትል እናት «ውኃ ትፈልጊያለሽ? እኔም እፈልጋለሁ» ትላለች። ልጅቷ ትክክለኛውን ሰማች፤ ወሬውም አልተቋረጠም። ወላጅ ራሱ «ስኩል እንዴት ነበር? ሆምወርክሽን ፊኒሽ አድርገሻል?» እያለ የሚያወራ ከሆነ ግን መምህሩ በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያደርገው ጥረት የትም አይደርስም። ሁሉንም በአንዴ መተው ይከብዳል፤ አንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ የእራት ሰዓት፣ «ትምህርት ቤት» እና «የቤት ሥራ» የሚባልበት ሰዓት ማድረግ ግን የሚቻል ነው።

ከመመዝገብ በፊት የሚታይ

ሙከራ ክፍለ ጊዜ የማይሰጥ አገልግሎት ላይ ቶሎ መመዝገብ አይገባም። በሙከራው ጊዜ ወላጅ ከጎን ተቀምጦ ማየት ያለበት አንድ ዋና ነገር አለ፦ ማን ነው ብዙ የሚናገረው? መምህሩ ሲያስረዳ ሠላሳው ደቂቃ ካለቀ ልጅቷ ያገኘችው ጥቂት ነው። ሁለተኛው፣ መምህሩ ፊደሉን ከተራ አውጥቶ ጠየቀ ወይስ ሀሁን አስደግሞ «ጎበዝ» ብሎ አለፈ? ሦስተኛው፣ ልጅቷ የምትረዳውን ያህል እንግሊዝኛ ያውቃል? ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ እንዲያስተምር አይደለም፤ ልጅቷ የት እንደተሳሳተች ለመረዳት የእንግሊዝኛዋን ጠባይ ማወቅ ስላለበት ነው።

የክፍለ ጊዜው ርዝመትም ይታሰብበት። ለስምንት ዓመት ልጅ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ተኩል ከመቀመጥ ይልቅ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ይሻላል። አምስት ደቂቃ ወሬ፣ አሥር ደቂቃ ፊደል፣ አሥር ደቂቃ ንባብ፣ የቀረው ጨዋታ። ቤት ውስጥ በየቀኑ አምስት ደቂቃ የዕለቱን ቃላት ማንበብ ይጨመርበታል። ይህን መንገድ የያዘች ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ወደ ማንበብ ትደርሳለች። በሦስት ወር ጋዜጣ እናስነብባለን የሚል ማስታወቂያ ካለ ለምን ያህል ልጅ፣ በምን መነሻ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መምህሩ አዲስ አበባ ሆኖ ልጅቷ ዋሽንግተን ዙሪያ ከሆነች ሰዓቱ በጽሑፍ መያዝ አለበት። አሜሪካ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጀመሪያና በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ፣ ሰዓቷን ትለውጣለች፤ ኢትዮጵያ አትለውጥም። በበጋው የአሜሪካ ሰዓት ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ዋሽንግተን ላይ ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ በክረምቱ ሰዓት ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። መምህሩ በኢትዮጵያ ሰዓት «በ11» ሲል ወላጅ በስልኩ ላይ ያለውን 11 ካሰበ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ክፍለ ጊዜው ያልፋል። ስምምነቱ ላይ የሁለቱም ከተማ ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፍ፤ ሰዓት በሚለወጥበት ሳምንት ዋዜማ ደግሞ የትኛው ወገን ቀጠሮውን እንደሚያሸጋግር አስቀድሞ ይወሰን።